የወንፊት ኩሽኔታ ቤት ብሎን ይበጠሳል፤ ሂሳቡ ግን ይችላል ይላል

ሀዩ_ሳቢያን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለ ጠጠር ማምረቻ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ጠጠር የሚለየው ነዛሪ ወንፊታችን ላይ ክብደት የታሰረበት ዘንግ አለ፤ በደቂቃ 900 ጊዜ ይዞራል። ዘንጉን የያዙት ሁለት የኩሽኔታ ቤቶች ናቸው። እያንዳንዱ ቤት ወንፊቱ ላይ ካለው የብረት ድልድይ ጋር በሁለት ኤም16 ብሎን ታስሯል፣ ደረጃው 8.8። ወደ ጎን እንዳይሄድ ግራና ቀኝ መግቻ ብረት ተበይዶለታል።

ችግሩ ብሎኖቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ይበጠሳሉ። አንዱ ሲሄድ ሁለተኛው ሰዓት አይቆይም።

ሂሳቤ እንዲህ ነው። ዘንጉ በአንዱ ቤት ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ሁለት ቶን ገደማ ነው፤ ለአንድ ብሎን አንድ ቶን ይደርሰዋል። ብሎኑን 7 ቶን ወጥሬዋለሁ ብዬ ካሰብኩ፣ ሲደመር 8 ቶን ነው። ይሄ ብሎን ደግሞ ሳይዘረጋ 9 ቶን ከምናምን ይችላል። ታዲያ ለምን ይበጠሳል? ባለቤቱ በየሳምንቱ ከታይዋን ገበያ ብሎን መግዛት ሰልችቶታል፣ አቦ እኔም ሰልችቶኛል።

ቶርኖ_ከዚራ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡42

ልጄ፣ መደመሩ ላይ ነው የተሳሳትከው። በደንብ የጠበቀ ብሎን ከውጭ የሚመጣውን ጭነት አይሰማውም። 7 ቶን ከጨመቀ፣ ጭነቱ 7 ቶን እስኪደርስ ድረስ ብሎኑ እዚያው 7 ላይ ነው። ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የተማርነው ይሄንን ነው። የአንተ ብሎን ስላልጠበቀ ነው። 12.9 ግዛ፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ አድርግበት፣ አክርረው፣ አለቀ።

ሰላም_ሜካኒካል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሀዩ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት አራት ነገር ንገረኝ። በኩሽኔታ ቤቱና በድልድዩ መሀል ምን አለ? ብሎኑ የሚበጠሰው የቱ ጋ ነው? የተበጠሰው ፊት ምን ይመስላል? በምንድነው የምታጠብቀው?

ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ወደ እውነቱ ይቀርባል፣ ግን «አይሰማውም» የሚለው ላይ እመለሳለሁ።

ሀዩ_ሳቢያን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

መሀላቸው ላስቲክ አለ። ከአሮጌ ኮንቬየር ቤልት የተቆረጠ፣ 6 ሚሊ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረው ሰውዬ ንዝረት ይቀንሳል ብሎ ነው ያስገባው። ከላስቲኩ በፊት ብሎን ይበጠስ እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም።

የሚበጠሰው ዳዶው ሥር ነው፣ ጥርሱ ከዳዶው የሚወጣበት ቦታ ላይ። ፊቱ ግማሹ ለስላሳ ነው፣ የተወለወለ ይመስላል፣ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች አሉበት። የቀረው ሻካራ ነው። የማጠብቀው በ24 ቁልፍ ነው፣ ቱቦ ሰክቼ።

ሰላም_ሜካኒካል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ለስላሳው ግማሽ ሁሉንም ነገር ይናገራል። ብሎኑ በአንድ ጊዜ ጭነት ቢሄድ ኖሮ ቀጥኖ፣ ተስቦ፣ ሻካራ ሆኖ ነበር የሚበጠሰው። ለስላሳ ፊትና ቅስት ካለው ድካም ነው፤ ስንጥቁ ቀስ በቀስ ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ የቀረው ሥጋ አልችል ብሎ ነው የለቀቀው። ስለዚህ «9 ቶን ይችላል» የሚለው ቁጥር ለዚህ ጥያቄ አይሠራም። መጠየቅ ያለብህ በእያንዳንዱ ዙር ብሎኑ ላይ ያለው ውጥረት ምን ያህል ከፍ ዝቅ ይላል የሚለውን ነው። በደቂቃ 900 ከሆነ፣ በስምንት ሰዓት ፈረቃ ከ430 ሺህ ዙር በላይ ነው። በአምስት ቀን ሁለት ሚሊዮን አለፍክ።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። ዳዶውን ስታጠብቅ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሆናል፤ ብሎኑ ይለጠጣል፣ የታሰረው ብረት ይጨመቃል። ከዚያ ዘንጉ ቤቱን ወደ ላይ ሲስበው ብሎኑ ትንሽ ይጨምራል፣ ብረቱም ከጭምቀቱ ትንሽ ይለቀቃል። ዋናው ነገር ሁለቱም የሚንቀሳቀሱት እኩል ርቀት መሆኑ ነው፤ ብሎኑ በተለጠጠበት ልክ ብረቱ ይለቀቃል። ርቀቱ እኩል ከሆነ፣ ከጭነቱ የበለጠውን የሚወስደው ግትር የሆነው ነው።

ላስቲኩ ባይኖር ብለን እንጀምር። የቤቱ እግርና የድልድዩ ብረት ድምር ውፍረት 40 ሚሊ ነው ብዬ ልውሰድ። ያን ያህል ርዝመት ያለው ኤም16 ብሎን በአንድ ሚሊ ለመለጠጥ 83 ቶን ይፈልጋል (እርግጥ ቀድሞ ይበጠሳል፣ ለመለኪያ ነው)። ብሎኑ ዙሪያ የሚጨመቀው ብረት ግን በጣም ይሰፋል፣ በአንድ ሚሊ ለመጭመቅ 340 ቶን ገደማ ይፈልጋል። አንድ ቶን ብትስብ፣ 83 ለ423 ብሎኑ ይወስዳል። ከአምስት አንድ እጅ ማለት ነው፣ 200 ኪሎ። የቀረው 800 ኪሎ ብሎኑን አይነካውም፣ ከጭመቃው ላይ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ድምሩ 8 ቶን ሳይሆን 7.2 ነው። ጋሼ «አይሰማውም» ያሉት ይሄንን 200 ኪሎ ነው፤ ለጥንካሬ ሂሳብ ምንም አይደለም፣ ለድካም ግን የሚቆጠረው እሱ ብቻ ነው።

ዘንጉ ወደ ታች ሲጫን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ብሎኑ 200 ኪሎ ይቀንሳል። እንግዲህ ብሎኑ በ7 ቶን ዙሪያ 200 ኪሎ ይወጣል፣ 200 ኪሎ ይወርዳል። ይሄ መጠን ብሎን በመደበኛ መንገድ ከተሠራ ጥርሱ ላይ ወደ 700 ኪሎ መውጣትና መውረድ ዕድሜ ልኩን ይችላል። 200 ለእሱ ዕረፍት ነው።

አሁን ላስቲኩን መልሰን እናስገባ። ለአንድ ብሎን የሚደርሰው የላስቲክ ስፋት 8 በ10 ሳንቲም ነው ብል፣ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ላስቲክ በአንድ ሚሊ ለመጨመቅ 9 ቶን ገደማ ነው የሚፈልገው። ብረቱ 340 ቢሆንም ከላስቲኩ ጋር ተደራርቦ ስለተቀመጠ ለስላሳው ነው የሚወስነው። ብሎኑ 6 ሚሊ ስለረዘመ ወደ 72 ወርዷል። ክፍፍሉ አሁን 72 ለ81 ነው። ከአንዱ ቶን 890 ኪሎ ብሎኑ ላይ ወጣ። በየዙሩ 890 ይወጣል፣ 890 ይወርዳል፤ የሚችለው 700 ነው።

ብሎንህን የሚገድለው ላስቲኩ ነው። ብሎኑን 7 ቶን ብትወጥረውም ይገድለዋል። ላስቲክ ደግሞ በዚያ ጭመቃ እየተኛ ስለሚሄድ 7 ቶኑም ከሰዓታት በላይ አይቆይልህም፤ ከላላ በኋላ ቤቱ እየተነሳ ይመታል፣ ብሎኑም ይታጠፋል። ያንን በቁጥር ለማስቀመጥ አልሞክርም።

ደወሌ_መስመር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሰላም ወገን። እኔም የብሎን ነገር አለብኝ። ሲኖ ነው የምነዳው፣ ጅቡቲ መስመር። የኋላ ጎማ ብሎን ሁለት ሁለት እየሆነ ይቆረጣል፣ ሁልጊዜ በአንድ በኩል። ጎማ ቤት በኢምፓክት ነው የሚያስሩልኝ፣ ከዚያ በላይ ምን ላጠብቅ? ላስቲክ የለበትም። ይሄ የአምስት አንድ ነገር ለእኔም ይሠራል?

ሰላም_ሜካኒካል | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ወንድሜ፣ የአንተ ትንሽ ይለያል። የጎማ ብሎን ላይ ክብደቱ የሚያርፈው ወደ ጎን ነው፤ የሚሸከመው በቸርኬውና በሀቡ መሀል ያለው ሰበቃ ነው፣ ሰበቃውን የሚፈጥረው ደግሞ ጭመቃው። ጭመቃው ሲወርድ ቸርኬው መንሸራተት ይጀምርና ብሎኑ መታጠፍ ይጀምራል። ያንተ ላስቲክ ቀለምና ዝገት ሊሆን ይችላል። ቸርኬው የሚያርፍበትን ፊት እይ፤ በወፍራሙ ተቀብቶ ከሆነ ፋቀው። ጎማ ከተፈታ በኋላ ትንሽ ነድተህ እንደገና በእጅ ቁልፍ አረጋግጥ። ሌላ ክር ብትከፍትበት የተሻለ ነው፣ ይሄ የሀዩ ይሁን።

ቶርኖ_ከዚራ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ወይዘሪት ሰላም፣ ቁጥርሽ ያምራል። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከፓምፕ ሥር፣ ከሞተር ሥር ላስቲክ አስገብቻለሁ፣ ብሎን አልቆረጠብኝም። ደግሞ 12.9 ያልኩትን ዘለልሽው።

ሰላም_ሜካኒካል | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ጋሼ፣ ፓምፕና ሞተር ላይ ብሎኑን የሚስበው ኃይል ትንሽ ነው፤ ከክብደታቸው በላይ ብዙም አይነሱም። እዚያ ላስቲኩ አምስት እጥፍ ቢያባብሰውም ከሃምሳ ኪሎ ላይ ነው የሚያባብሰው። እዚህ ግን ማሽኑ የተሠራው ለመንቀጥቀጥ ነው፣ በየዙሩ ቶን ይመጣል። ንዝረቱ ወደ ሕንፃው እንዳይሄድ የሚከላከለው ወንፊቱ ሥር ያለው ስፕሪንግ ነው። ኩሽኔታ ቤቱና ወንፊቱ እንደ አንድ ብረት መሆን አለባቸው።

12.9ን በተመለከተ፦ የብረቱ ጥንካሬ በግማሽ ቢጨምርም ጥርሱ ላይ ያለው የድካም አቅም በዚያ ልክ አይጨምርም፣ እዚያው 700 ኪሎ አካባቢ ነው የሚቀረው። ጥርስ ራሱ የስንጥቅ መጀመሪያ ስለሆነ። 12.9 የሚጠቅመው የበለጠ ለመወጠር ከፈለጉ ነው፣ የእኛ ችግር ግን ያ አይደለም። ግትርነቱም ያው ነው፤ 8.8 ሆነ 12.9 ብረት ብረት ስለሆነ ክፍፍሉን በአንድ ኪሎ አይቀይረውም። ስፕሪንግ ሮንዴላው ደግሞ ከ7 ቶን በጣም ባነሰ ኃይል ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ተራ ሮንዴላ ነው።

ጀጎል_መምህር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ሐረር ቴክኒክ አስተምራለሁ። በነገሩ እስማማለሁ፣ ግን «ከአምስት አንድ» የሚለው እንደ ቁርጥ ቁጥር እንዳይያዝ። ሰላም የወሰደችው ጭነቱ በዳዶውና በብሎኑ ራስ ላይ ቢገባ ነው። በእውነቱ ኃይሉ የሚገባው በቤቱ እግር መሀል ነው፣ ስለዚህ የብሎኑ ድርሻ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። በሌላ በኩል ኃይሉ የሚመጣው ከቤቱ መሀል፣ ብሎኖቹ ደግሞ ዳርና ዳር ስለሆኑ፣ እግሩ ቀጭን ከሆነ ይታጠፍና እንደ ማንሻ ብሎኑን ይጎትተዋል። ያ ድርሻውን ከፍ ያደርገዋል። የእግሩ ውፍረት ስንት ነው?

ሌላው፣ ብሎኑን ማርዘምም መፍትሔ ነው። ከብሎኑ ራስ ሥር ወፍራም ግድግዳ ያለው 60 ሚሊ ቡሽ በቶርኖ አውጥቶ ማስገባት ይቻላል። የብሎኑ ርዝመት ከ40 ወደ 100 ሲሄድ ግትርነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ድርሻውም ወደ አሥር አንድ ይጠጋል።

ሰላም_ሜካኒካል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ልክ ነህ መምህር፣ የእግሩ መታጠፍ እኔንም ያሳስበኛል። ቡሹንም እደግፋለሁ፣ ግን ግድግዳው ከሳሳ ራሱ ሊጨፈለቅና ውጥረቱን ልታጣ ትችላለህ። መጀመሪያ ላስቲኩ ይውጣ።

ሀዩ_ሳቢያን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

እግሩ 20 ሚሊ ነው፣ ድልድዩም 20። ላስቲኩን ነገ አወጣለሁ። ግን 7 ቶን መወጠሬን በምን አውቃለሁ? ቶርክ ሬንች የለንም።

ሰላም_ሜካኒካል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ለደረቅ ጥርስ 220 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ ለዘይት ለተቀባ 165። በ30 ሳንቲም ቁልፍ 220 ለማግኘት ከ70 ኪሎ በላይ መጎተት አለብህ። ያለ ቱቦ አብዛኛው ሰው 3 ቶን ላይ ነው የሚያቆመው። በቱቦ ደግሞ የት እንዳለህ አታውቅም። ሬንችም ቢኖርህ በሰበቃው ምክንያት ውጥረቱ ሰላሳ በመቶ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል።

ቶርኖ_ከዚራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እዚህ ላይ እኔን ስማኝ ሀዩ። ብሎንህ ዘልቆ የሚያልፍ ነው አይደል? ሁለቱም ጫፉ ይገኛል። ከ50 እስከ 75 ማይክሮሜትር ፈልግ። የብሎኑን ራስና ጫፍ ቶርኖ ላይ ፊቱን አስተካክል፣ መሀሉ ላይ በሴንተር ትንሽ ምልክት ምታ፣ ኳስ አስቀምጥበትና ላላ እንዳለ ለካ። አጥብቅ፣ እንደገና ለካ። እንደ ሰላም ሂሳብ 83 ቶን ለአንድ ሚሊ ከሆነ፣ 7 ቶን ማለት ስምንት መቶኛ ሚሊ መርዘም አለበት ማለት ነው። ቁልፍ ይዋሻል፣ ርዝመት አይዋሽም።

ግን በጠዋት ለካ። ፀሐይ የመታው ብሎንና ጥላ ውስጥ ያለ ማይክሮሜትር አሥር ዲግሪ ከተለያዩ አንድ መቶኛ ሚሊ ሊጠጋ የሚችል ውሸት ይገባበታል። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ከአሥር ዲግሪም በላይ ታመጣለች።

ሰላም_ሜካኒካል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ጋሼ እጅዎ ይባረክ፣ ከሬንች የተሻለ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የብሎኑ ራስና ዳዶው ውስጥ ያለው ክፍልም ትንሽ ስለሚለጠጥ፣ ማይክሮሜትሩ 0.08 ካለ በእውነቱ ከ7 ቶን ትንሽ በታች ነው። 0.09 ጋ ብታቆም አልቃወምም።

ሀዩ፣ ላስቲኩን ስታወጣ ቀለሙንም ፋቅ። ብረት በብረት ላይ ሲሆን መገጣጠሚያው በጣም ግትር ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለው፤ ከተጠበቀ በኋላ መሀል ያለው ነገር አንድ መቶኛ ሚሊ ብቻ ቢተኛ ከ600 ኪሎ በላይ ውጥረት ይጠፋል። ሦስት ሽፋን ቀለም ቢኖርና ቢጨፈለቅ፣ 7 ቶንህን ሙሉውን ሊበላው ይችላል።

ሀዩ_ሳቢያን | ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡40

ሪፖርት። ላስቲኩ ወጣ። ሥሩ ቀለም ነበር፣ ፋቅነው። አራቱንም አዲስ ብሎን አስገባን፣ 8.8። ማይክሮሜትር ከዘመድ ተዋስኩ። ጠዋት ስናጠብቅ ሁሉም 0.08 እና 0.09 መሀል ነበሩ። ከአንድ ፈረቃ በኋላ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ለካሁ። ሦስቱ 0.07 አካባቢ ናቸው። አራተኛው፣ ከሞተሩ በኩል ያለው፣ 0.05 ሆነ።

ያንን ቤት ፈትቼ ሳላስረው ድልድዩ ላይ ሳስቀምጠው በአንዱ ጥግ 0.3 ስፔሶሜትር ይገባል። ድልድዩ ሲበየድ የተጣመመ ይመስለኛል።

ሰላም_ሜካኒካል | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

0.03 ከጠፋ ወደ ሁለት ቶን ተኩል ሄዷል። ሦስቱ ላይ የጠፋው የሚጠበቅ ነው፣ አንዴ መልሰህ አጥብቃቸው፣ ከዚያ ብዙ አይወርዱም። አራተኛው ግን በማጥበቅ አይድንም። 0.3 ክፍተት በ20 ሚሊ እግር ላይ ስትዘጋው ከውጥረቱ የተወሰነውን እግሩን ለማጠፍ ታጠፋለህ፣ ብሎኑም ጥምም ብሎ ነው የሚቆመው። መታጠፉ ደግሞ በጥርሱ አንድ ጎን ላይ ነው የሚደመረው። ድልድዩ ይውረድና ፊቱ ፍሬዛ ላይ ይስተካከል።

ቶርኖ_ከዚራ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡50

ድልድዩን ለማውረድ ወንፊቱን በሙሉ መፍታት ነው፣ ሦስት ቀን ሥራ ይቆማል። 0.3 ላሜራ በሽብልቅ መልክ ፍቆ ማስገባት ይበቃል። ብረት ነው፣ ላስቲክ አይደለም፣ ግትርነትሽን አይነካም።

ሰላም_ሜካኒካል | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

አንድ ላሜራ፣ ሙሉ ፊቱን ነክቶ ከተቀመጠ እሺ። ሁለት ሦስት ቀጫጭን ከተደራረበ ግን በየመሀሉ ይተኛል፣ አንድ መቶኛ ሲጠፋ ስንት ኪሎ እንደሆነ አይተናል። በእጅ የተፋቀ ሽብልቅ ሙሉ ፊት መንካቱንም እጠራጠራለሁ።

ጀጎል_መምህር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡40

በሰማያዊ ቀለም ሞክረው ሀዩ። ላሜራውን በስሱ ቀብተህ ቤቱን አስቀምጥና አንሳ፤ ቀለሙ ስንት እጅ እንደተላለፈ ያሳይሃል። ከግማሽ በታች ከነካ እኔም ፍሬዛ እላለሁ። 60 ሚሊ ቡሹንም በዚሁ አጋጣሚ አሠራው፣ ረጅም ብሎን የተኛውን ነገር ይታገሳል።

ሀዩ_ሳቢያን | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡00

ባለቤቱ ሦስት ቀን አይሰጠኝም፣ ለመንገድ ሥራ የታዘዘ ጠጠር አለብን። እሑድ ላሜራውን በቀለሙ እሞክራለሁ፣ ቡሹን ከዚራ ቶርኖ ቤት አዝዣለሁ። 60 ሚሊ ቡሽ ከገባ ብሎኑ ከ120 ሚሊ በላይ መሆን አለበት፤ ታይዋን ውስጥ ያን ያህል ርዝመት ያለው 8.8 ኤም16 አላገኘሁም፣ ሙሉ ጥርስ ያለው ዘንግ ብቻ ነው ያለው፣ ራሱ ላይ ቁጥር የለውም። የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።